ሰልባጅ በማዳበሪያ ሙሉ ሲገዛ፦ ውሃ ከመንካቱ በፊት

ጅማ ላይ ዝናብ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ሰኔ ሲጠባ ልጆቹ ሹራብ ይፈልጋሉ፣ ጃኬት ይፈልጋሉ፣ ያምናው ደግሞ አጥሯቸዋል። ለሦስት ልጅ አዲስ መግዛት ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ካሉት ትልቅ ሴት፣ እኔ እትዬ ከምላቸው ጋር ገንዘብ እናዋጣለን። ሐሙስ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወጥተን ከተፈታ ቦንዳ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ እንገዛለን። አንድ በአንድ መርጦ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ችግሩ ማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀው ቤት ሲደርስ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁ ጊዜ ልብሱን በሙሉ ቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ንጹሕ መሆኔ ነበር። ግን አንድ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያላየሁት የደም ጠብታ ነበረ። ሙቁ ውሃ አብስሎ ጨርቁ ላይ አስቀረው። አንድ የሱፍ ሹራብ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት እንኳ የማይሆን ሆነ። ከሁሉ የባሰው አንድ ናፍጣ የነካው ሱሪ ነው። እሱ ሽታውን ለሳፋው ሙሉ ልብስ አካፈለ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው። ልብሱ ደርቆ ሳለ ተፈትሾ ሳያልቅ ውሃ አይነካውም።

ከዚህ በታች የምጽፈው አምና ሐምሌ ላይ የገዛነውን ማዳበሪያ ይዤ ነው። 34 ልብስ ነበረው።

ገበያ ላይ

ሻጩ ከላይ የሚያስቀምጠው ምርጡን ነው። ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን አታድንቁ። እጃችሁን ወደ ማዳበሪያው መሃል አስገቡ። መሃሉ ከላዩ ይልቅ ቀዝቀዝ፣ እርጥብ እርጥብ ካለ ልብሱ እርጥበት ይዟል ማለት ነው። ቦንዳ ሲታሰር በጣም ተጨቁኖ ነው የሚታሰረው። በመንገድ ላይ ውሃ ከገባበት አየር አያገኝም፣ ሻጋታውም ከውስጥ ይጀምራል። ከላይ ያለው ልብስ ድርቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ከመሃል አንድ ሁለት አውጡና አሽትቱ። ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ከሸተተ ማዳበሪያውን ተዉት፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወርድም። ይህ ሽታ በሳሙና አይለቅም። ከዚያም በላይ ነዳጅ የጠጣ ልብስ ከሰል አጠገብ ወይም ካውያ ስር አደጋ ነው። ሌላውን ሽታ ሁሉ ቤት ወስዶ መታገል ይቻላል።

ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ። ይህን የምለው ለነገር አይደለም። ገበያው ላይ የምናገኘው ልብስ በመንገዱ ላይ ማንም መርምሮ፣ አጥኖ ያለፈው አይደለም ለማለት ነው። መርማሪዋ እናንተ ናችሁ።

ማዳበሪያው የሚፈታው የት ነው?

ውጭ። ግቢ ውስጥ ሸራ አንጥፋችሁ፣ በቀን ብርሃን። አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ በፍጹም አትዘርግፉ። ትኋን ካለ ከልብሱ ወርዶ ፍራሽ ውስጥ ለመግባት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጸጉራችሁን ሸብ አድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ማስኩን ለማሽተት ብቻ ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

ኪስ ውስጥ እጅ አይገባም። ኪሱን ከውጭ ዳብሱ፣ ከዚያ ገልብጡት። መርፌ ቁልፍ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ነገር ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍተሻው ቀን ቡና አታፍሉ። ጅማ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ አፍንጫ ምንም አይለይም። እትዬ «እንግዲያው ቡናው ሥራው ሲያልቅ ይሁን» ብለው ጀበናውን መልሰው አስቀመጡ። ከ10 ልብስ በኋላም አፍንጫ ይደነዝዛል። ተነስታችሁ ከሸራው ራቅ ብላችሁ ጥቂት ደቂቃ ንጹሕ አየር ሳቡ፣ ከዚያ ተመለሱ።

ሽታው ምን እያለ ነው?

ልብስ ሸተተ ብሎ መጣል ቀላል ነው። ዋናው ሽታው ከየት እንደመጣ መለየት ነው፤ መፍትሔው የተለያየ ነውና። የሚሸተተውም ቦታ አለው። ብብት፣ ኮሌታ፣ የሱሪ መቀመጫ፣ ገበር ካለው ደግሞ ገበሩ።

ቀዝቃዛ ልብስ ሽታውን ይደብቃል። ሽቶ የተረጨበትም እንዲሁ። ስለዚህ የተጠራጠርኩትን ልብስ አነቃዋለሁ። ብብቱን በጥቂት ውሃ ጣቴን አርሼ እነካካዋለሁ፣ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ አስራለሁ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ሞቅ ያለ ቦታ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ስፈታው የመጀመሪያው ትንፋሽ እውነቱን ይናገራል። ሙቀትና እርጥበት የተደበቀውን ሽታ ያስነሳል። ልብሱ ሰው ገላ ላይ ሆኖ ሲሞቅ የሚሸተውም ይኸው ነው።

የምድር ቤት፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ሻጋታ ነው። ጨርቁን ገልብጡና ስፌቱን ተከትላችሁ እዩ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ አንዳንዴም ነጭ ዱቄት መሳይ ታገኛላችሁ። ሽታው ኖሮ ነጠብጣቡ ከሌለ ብዙ ጊዜ በእጥበትና በደንብ በማድረቅ ይለቃል። ነጠብጣቡ ካለ ግን ቀጥሎ የምነግራችሁን የመጎተት ፈተና ማለፍ አለበት።

የኮመጠጠ፣ የቆየ ላብ ሽታ በጣም የሚበዛው ፖሊስተር ላይ ነው። ምክንያቱ ፖሊስተር ውሃ አይወድም፣ ቅባት ግን ይይዛል። የላቡ ቅባት ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ባክቴሪያው እሱን ይበላል። በአንድ እጥበት አይለቅም፣ ግን ይለቃል።

የሽንት ሽታ ኮምጣጣና የሚወጋ ሲሆን፣ በተለይ ቢጫ ክብ ምልክትና እንደ ጥቁር ሩዝ ያለ ኩስ አብሮት ካለ፣ አይጥ ነው። ያን ልብስ በእጅ አታራግፉት። አቧራው እንዳይነሳ በረኪና ያለበት ውሃ ረጭ አድርጉበትና በጓንት አንሱት። ልብሱ ጥጥ ካልሆነ፣ መቀቀል ካልቻለ፣ እኔ አላስቀረውም።

አራተኛውን ሽታ ብዙ ሰው እንደ ንጽሕና ምልክት ያየዋል። ናፍታሊን ነው። ብል እንዳይበላው ብለው ልብስ ውስጥ የሚያስቀምጡት ነጭ ክኒን። ለአዋቂ ሽታው ራስ ምታት ነው። ለጨቅላ ሕፃን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወላጅ የሚወረስ አንድ የደም ኢንዛይም እጥረት ያለባቸው ሕፃናት አሉ። ናፍታሊን የተቀመጠበት ልብስ ሲለብሱ ወይም ብርድ ልብሱ ሲደረብባቸው ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል። ሕፃኑ ይገረጣል፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ይህ ከታየ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። አብዛኛው ወላጅ ልጁ ይህ እጥረት ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ስለዚህ ናፍታሊን የሸተተ ልብስ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለጨቅላ አይለበስም። ናፍታሊን በውሃ ብቻ አይወጣም፣ ወደ አየር ተንኖ ነው የሚወጣው። ነፋስ ባለበት ገመድ ላይ ቀናትን፣ አንዳንዴ ሳምንታትን ይፈልጋል።

ዓይን የማያየው ጉዳት

ከሽታው ቀጥሎ ጨርቁ። እያንዳንዱን ልብስ ገልብጡና ወደ ፀሐይ አንሱት። ጠረጴዛ ላይ ደህና የሚመስል ሱሪ ብርሃን ሲያልፍበት መቀመጫው ላይ እንደ ወንፊት ሆኖ ይታያል። ክርን፣ ጉልበት፣ የእግር መሃል፣ የእጅጌ ጫፍ ቀድመው ይሳሳሉ። የተሰበጣጠረ ትንንሽ ቀዳዳ ሱፍ ላይ ካያችሁ የብል ሥራ ነው። ብል ጨለማ ይወዳል። ኮሌታውን ገልብጡ፣ ከእጥፋቱ ስር እዩ።

አሁን የመጎተት ፈተና። ጨርቁን በሁለት እጅ፣ አውራ ጣትና አውራ ጣት አቀራርባችሁ ያዙት። በጣቶቹ መሃል አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይቅር። ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ጎንና ጎን ሳቡት። ደህና ጨርቅ ይወጠራል፣ ይመለሳል። የበሰበሰ ጨርቅ «ቅጭ» ይላል። ይህን ስፌት አጠገብ፣ ብብት ስር፣ ገበሩ ላይና ነጠብጣብ ባለበት ሁሉ ድገሙት።

ያኔ ከማዳበሪያው የወጣ አንድ ረጅም ጥቁር ካፖርት ነበር። ከላይ ሲታይ እንከን የለውም። ቁልፎቹ ሙሉ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ። እትዬ አይተው «ይኼማ የሙሽራ ነው» አሉ። ገበሩን ገለበጥኩት። ታች ጠርዙ ላይ እጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሄዶ ነበር። ያ ቦታ ወተት የጠጣ ወረቀት ይመስላል። በሁለት አውራ ጣት ሳብኩት። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተከፈለ። ከሥሩ ያለው የውጪው ሱፍም ሲሳብ ተከተለው። ሻጋታው ከገበሩ አልፎ ጨርቁን በልቶት ነበር። ያ ካፖርት ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ውሃ ጠጥቶ በራሱ ክብደት ይቀደድ ነበር፣ እኛም እጥበቱን እንወቅስ ነበር።

ላስቲክ በጆሮ ነው የሚፈተሸው። ወገቡን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ለጥጡት። ተንኮሻኮሸ ማለት ጎማው ደርቋል፣ ከሁለት እጥበት አያልፍም። ግን ላስቲክ ይቀየራል፤ ልብሱ ደህና ከሆነ አትጣሉት።

ሌዘር የሚመስል ጃኬት ግን የሚቀየር ነገር የለውም። የፕላስቲኩ ሽፋን እርጥበት ሲያገኘው ከጊዜ ጋር ይፈርሳል። የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ክርኑን አጥፉና በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ሽፋኑ ተሰነጣጠቀ ወይም ጣት ላይ ተጣበቀ ማለት በጥቂት ወራት እንደ እባብ ቆዳ ይለቃል። የተጀመረ አይቆምም።

ስፌቱ ውስጥ ማን አለ?

የገላ ቅማል የሚኖረው ሰው ላይ ሳይሆን ልብስ ላይ ነው። ገላ ላይ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነው። እንቁላሉን የሚጥለውም ስፌት ውስጥ ነው፣ በተለይ ወገብ፣ ብብትና ኮሌታ ላይ። ስፌቱን በሁለት አውራ ጣት ከፈት አድርጋችሁ በብርሃን ተከተሉት። ቅጫሙ ሞላላ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክሩ ላይ የተለጠፈ ነው። ሲራገፍ የማይወድቅ መሆኑ ከአቧራ ይለየዋል። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ግርሻንና አንዱን ዓይነት ተስቦ ከሰው ሰው የሚያደርሰው ይኸው ቅማል ነው።

ትኋን ደግሞ እጥፋት ላይ እንደ እስክሪብቶ ነጥብ ያለ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲነካ ይደፈርሳል፣ ቡናማ ሆኖ ይለቃል። እከክና ጭርት በዓይን አይታዩም። ስለዚህ ምንም ባታገኙም ልብሱ ሁሉ እንዳለበት ቆጥራችሁ ቀጥሉ።

ፍተሻው ሲያልቅ የኛ ማዳበሪያ ይህን ይመስል ነበር። ካፖርቱ፣ አንድ ሌዘር መሳይ ጃኬትና ገበያ ላይ ያላየሁት አንድ ነጭ ጋዝ የነካው የልጅ ሱሪ ተጣሉ። ሁለት የሳሱ ሸሚዞች መወልወያ ሆኑ። 29 ቀረ። ከነዚህ 23ቱ ሙቅ ውሃ የሚችሉ ጥጥና ፖሊስተር ናቸው። 6ቱ ሱፍ ሹራብና ገበር ያለው ጃኬት ናቸው። ሁለቱ ክምር መንገዳቸው ይለያያል።

የሚገድለው ሙቀቱ ነው

ሳሙና ቆሻሻና ቅባት ያነሳል። ቅማልን፣ የእከክ ተባይንና ትኋንን የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። የእከክ ተባይ ከ50 ዲግሪ በላይ በ10 ደቂቃ ይሞታል። ቅማልና ቅጫም በ54 ዲግሪ 5 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ትኋንን እስከ እንቁላሉ፣ የጭርትንም ፈንገስ ለማጥፋት 60 ዲግሪ ነው ዒላማው።

ቴርሞሜትር የለኝም። የምጠቀመው ሒሳብ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አይበቃም ብላችሁ አትስጉ፣ ይተርፋል። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 69 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ልብሱና ሳፋው ራሳቸው ሙቀት ስለሚስቡ ወደ 60 ይወርዳል። እኩል በእኩል ካደረጋችሁት ግን 57 ላይ ይጀምርና ወዲያው ከ50 በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ያ ነው።

ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ደምና ቢጫ ምልክት ያለበትን ለይታችሁ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እሹት። ደም በሙቅ ውሃ ከበሰለ አይለቅም፣ እኔ ተምሬበታለሁ። ቀለም የሚለቀውንም ለዩ። የውስጥ ስፌቱን በነጭ እርጥብ ጨርቅ ፈትጉት፤ ጨርቁ ከቀለመ ለብቻው ይታጠባል።

ከዚያ ደረቁን ልብስ ሳፋ ውስጥ ላላ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የተጨናነቀ ሳፋ መሃሉ አይሞቅም። ቀዝቃዛውን ውሃና የዱቄት ሳሙናውን አስቀድሙ፣ የፈላውን በላዩ አፍሱ። ልጆች አካባቢው አይድረሱ። በእንጨት አማስሉ፣ እጃችሁን አታስገቡ። ክዳን ወይም ሌላ ሳፋ ድፉበትና 30 ደቂቃ ተዉት። ክዳኑን ስትከፍቱ ውሃው እጅ የሚያስነካ ከሆነ ከ50 በታች ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች እጅ ያስነካ ከነበረ ግን ቀድሞውንም አልሞቀም፣ ይደገም። ከዚያ ነው የተለመደው እጥበት፣ ማሸትና ሁለቴ ማለቅለቅ።

ነጭ ጥጥ፣ ፎጣና አንሶላ ከሆነ በትልቅ ድስት ቀቅሉት፣ 10 ደቂቃ። አይጥ የነካው ጥጥም እንዲሁ። የውስጥ ሱሪ ግን እኔ ተቀቅሎም ቢሆን ሰልባጅ አልገዛም።

ላብ ያልለቀቀው ፖሊስተር ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ብብቱን አንድ ሰዓት ንከሩት፣ አለቅልቁ፣ እንደገና በሳሙና እጠቡት። ማለስለሻ አትጨምሩ። ማለስለሻው ክሩን ይሸፍንና ሽታውን ውስጥ ይቆልፈዋል። መዓዛው አንድ ቀን ይሸውዳችኋል፣ በማግስቱ ላቡ ይመለሳል።

በረኪና፣ በልኩ

በረኪና ሁሉንም ያነጻል ብለው ጠርሙሱን የሚደፉ አሉ። የሚፈለገው ትንሽ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ለ10 ሊትር ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ በአምስት እኩል ቦታ በማርከር መስመር አድርጌበታለሁ። የታችኛው መስመር ልኬ ነው። ልብሱን ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ 30 ደቂቃ ንከሩት፣ ከዚያ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁ። ነጭ ጥጥ ብቻ ነው። ሱፍ፣ ሐርና የሚለጠጥ ጨርቅ በረኪና ይበላዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ ወይም ወራት ያስቆጠረ በረኪና ደግሞ ኃይሉ ይደክማል፤ ጥላ ላይ የነበረ ግዙ።

በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በአንድ ሳፋ አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሽንት ያለበት ልብስም ቀድሞ ይለቅለቅ። በአቼቶ የነከራችሁትንም በረኪና ከመንካቱ በፊት ሙልጭ አድርጋችሁ አለቅልቁ።

ሙቅ ውሃ የማይችሉት ስድስቱ

ሱፍና ገበር ያለው ጃኬት ሙቅ ውሃ ካልቻለ ጊዜና ካውያ አሉ። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። የገላ ቅማል ያለ ደም ሳምንት አያልፍም፤ እንቁላሉ ግን ቆይቶ ሊፈለፈል ይችላል። ስለዚህ ልብሱን ደረቅ አድርጋችሁ ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገቡ፣ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ሁለት ሳምንት አትንኩት። እርጥብ ከሆነ ፌስታሉ ውስጥ ይሻግታልና መጀመሪያ ይድረቅ።

ይህ ዘዴ ገደብ አለው። ትኋን ያለ ምግብ ወራትን ይችላል፣ የጭርት ፈንገስም እንዲሁ። ስለዚህ የትኋን ምልክት ያየሁበትን ሱፍ በፌስታል አልታገለውም። ማድረቂያ ማሽን ያለው ላውንደሪ ካገኛችሁ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ትኋኑን ይጨርሳል፤ ሱፍ ከሆነ ግን ደረቁን ነው የሚገባው። ካላገኛችሁ ይጣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሹራቡን ለብ ባለ ውሃ ሳያሹ እየጨመቁ ማጠብ፣ ከዚያ ሊደርቅ ሲል ካውያ። ገልብጡት፣ ስፌቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ደርቡ፣ ካውያውን ሳትገፉ ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ 10 ቁጠሩ፣ አንስታችሁ ወደ ቀጣዩ ቦታ። እንፋሎቱ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ኮሌታ፣ ብብት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ጫፍ። የልብሱ ምልክት ላይ ካውያ ተስሎ ውስጡ አንድ ነጥብ ካለ ዝቅተኛ ሙቀት ነው፣ እስከ 110 ዲግሪ። ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ነው። የከሰል ካውያ ከሆነ ይህን መለካት ስለማይቻል እርጥቡን ጨርቅ መቼም አትተዉ።

ዕጣን ማጠንን በተመለከተ እትዬና እኔ አንስማማም። ሽታውን ደስ ያሰኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ቅማሉን አይገድልም፣ ሻጋታውንም አያጠፋም። ከጸዳ በኋላ ይሁን እንጂ በጽዳት ፋንታ አይሁን።

ማድረቅ፣ የጅማው ፈተና

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በክረምት ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ዝናብ ይመጣል። ከ23ቱ ልብስ በአንድ ቀን ያጠብኩት 8 ብቻ ነው፤ ገመዴ በሰፊው የሚይዘው ያን ያህል ስለሆነ። ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ብነክር ኖሮ ግማሹ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይና ያስወጣሁት የሻጋታ ሽታ ይመለስ ነበር።

በጠዋት ተነስታችሁ እጠቡ። ጨምቃችሁ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሉና እርገጡበት፣ ብዙ ውሃ ይወጣል። ገልብጣችሁ ስጡ፤ ስፌቱና ኪሱ ወደ ፀሐይ ይዙር። ፀሐይ ሽታ ያቀላል፣ ጀርም ይቀንሳል፣ ግን ደመና በበዛበት ሰማይ ሙቅ ውሃን ይተካል ብላችሁ አትመኑ። ዝናብ ከመጣ በረንዳ ላይ በሁለት ልብስ መካከል አንድ መዳፍ ክፍተት ትታችሁ ስቀሉ። ከሰል ምድጃ ዝግ ክፍል ውስጥ አድርጎ ልብስ ማድረቅ አይሞከርም። ጭስ የሌለው ከሰልም ሰው ይገድላል።

መድረቁን በስፌቱ እወቁ። ወፍራሙን ስፌት ከንፈራችሁ ላይ አስነኩት። ከቀዘቀዘ ገና ነው። ደረቀ ካላችሁ በኋላ ያችን የፌስታል ማንቂያ ፈተና አንዴ ድገሙ። ሁለት ልብሶች በዚህ ወደቁና እንደገና ታጠቡ፣ አንዱ ብብቱ፣ አንዱ ኮሌታው።

ከስድስቱ አንዷ ትንሽ ክሬም ቀለም ሹራብ ነበረች። ቁልፎቿ እንደ እንቁ የሚያበሩ። እህቴ ነሐሴ ላይ ልትወልድ ስለነበር ገና ማዳበሪያው ሲፈታ ለእሷ ልጅ ብዬ ይዣት ነበር። ናፍታሊን ትሸት ነበር። ሁለት ሳምንቷን ፌስታል ውስጥ ጨርሳ ወጣች፣ ታጠበች፣ በረንዳ ላይ ተሰቀለች። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ አሽትተው «አሁን የለም» አሉኝ። ፌስታል ውስጥ አስሬ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኳት። ስፈታው ሽታው ቀጭን ሆኖ፣ ግን አለ። መልሼ ሰቀልኳት። እህቴ ስትወልድ ለሕፃኗ አዲስ የጥጥ ልብስ አጥቤ ወሰድኩላት። ሹራቧን የለበሰችው ጥር ላይ የእትዬ የልጅ ልጅ ናት፣ አራት ዓመቷ ነው።